ራዲየሱ ልክ፣ አቅጣጫው ስህተት፦ በአንድ ክብ የውኃ ታንክ ላይ የተፈጸመ የኮኦርዲኔት ቅየራ ስህተት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ ጉብታ ላይ፣ ለአንድ የመኖሪያ መንደር ውኃ የሚያጠራቅም ክብ የኮንክሪት ታንክ ይሠራ ነበር። የታንኩ የውስጥ ሬዲየስ በዲዛይኑ 8.000 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 4.5 ሜትር ሲሆን፣ ጣሪያው ገና አልተጣለበትም ነበር። ግድግዳው ተሞልቶ ፎርምወርኩ ከተፈታ በኋላ አማካሪው መሐንዲስ የውስጥ ገጹ ምን ያህል ክብነቱን እንደጠበቀ ተለክቶ እንዲቀርብለት ጠየቀ፤ ከዲዛይኑ ሬዲየስ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ የራቀ ቦታ ከተገኘም በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተለይቶ እንዲታረም አዘዘ።

ልኬቱን የወሰደችው ቀያሽ ባልደረባዬ ስትሆን፣ ልኬቱን ወደ ሪፖርት የሚቀይረውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች የሚተረከው ስህተትም የእኔ ነው። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት ስህተቱ ለመታረም የአንድ መስመር ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ ሦስት ማጣሪያዎችን ሾልኮ በማለፉ ነው።

ልኬቱ እንዴት ተወሰደ

በታንኩ መካከል ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶ ብረቶች ቆመው ስለነበር መሣሪያውን በትክክለኛው ማዕከል ላይ መትከል አልተቻለም። ስለዚህ ቶታል ስቴሽኑ ከማዕከሉ 1.200 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 0.500 ሜትር ወደ ሰሜን ገባ ብሎ ተተከለ። ለሥራው ብቻ በተወሰነ የኮኦርዲኔት መረብ ማዕከሉ ምሥራቅ 100.000፣ ሰሜን 200.000 ተብሎ ተሰየመ፤ የመሣሪያው ቦታ ደግሞ ምሥራቅ 101.200፣ ሰሜን 200.500 ሆነ፤ የመሣሪያው ዓይን ከታንኩ ወለል በላይ 1.550 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። ከዚያም ባልደረባዬ መሣሪያውን ቀድሞ በሚታወቅ ነጥብ ላይ አነጣጥራ የሰሜኑን አቅጣጫ ካስያዘች በኋላ፣ ያለ አንጸባራቂ፣ በሦስት ከፍታዎች ዙሪያውን በየአራት ዲግሪው ገደማ ግድግዳውን እየነካች 270 ነጥቦችን መዘገበች።

ቶታል ስቴሽን ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚሰጠው ሦስት ቁጥሮችን ነው። አንደኛው ከመሣሪያው እስከ ግድግዳው ያለው ዘንበል ያለ ርቀት ነው። ሁለተኛው አግድም ማዕዘን ሲሆን፣ ከሰሜን ተነሥቶ በሰዓት ዘንግ አዟዟር ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ይቆጠራል፤ ቀያሾች አዚሙዝ የሚሉት ይህንን ነው። ሦስተኛው ቁም ማዕዘን ነው፤ በእኛ መሣሪያ ላይ በነበረው አሠራር ዜሮው ከአናት በላይ ያለው ዜኒዝ ነው፤ ስለዚህ አግድሙ መስመር 90 ዲግሪ ላይ ይውላል። ይህ እንግዲህ የስፌሪካል ኮኦርዲኔት ነው፤ ግን የሒሳብ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ዓይነት አይደለም። በመጻሕፍቱ አግድሙ ማዕዘን ከኤክስ ዘንግ፣ ማለትም በካርታ ላይ ቢሆን ከምሥራቅ፣ ተነሥቶ በሰዓት ዘንግ ተቃራኒ ይዞራል። ቀያሹ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይቆጥራል፤ ተማሪው ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ግራ። መነሻውም አዟዟሩም የተለያየ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ደግሞ «90 ሲቀነስ ማዕዘኑ» የምትል አጭር ዝምድና ናት። ይህች ዝምድና በኋላ ትመለሳለችና ትታወስ።

አማካሪው የሚፈልገው ግን ከመሣሪያው የታየውን ሳይሆን ከታንኩ ማዕከል የታየውን ነው፦ በዚህ ከፍታ፣ በዚህ አቅጣጫ፣ ግድግዳው ከማዕከሉ ምን ያህል ይርቃል የሚለውን። ሬዲየስ፣ አዚሙዝ እና ከፍታ፤ ሲሊንደራዊ ኮኦርዲኔት ማለት ይኸው ነው። ከፍታውን ትተን ከላይ ብናየው ደግሞ ተራ የፖላር ኮኦርዲኔት ይሆናል። መሣሪያው ማዕከሉ ላይ ስላልቆመ ከስፌሪካሉ በቀጥታ ወደ ሲሊንደራዊው መዝለል አይቻልም፤ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ሰሜንና ከፍታ መውረድ፣ የማዕከሉን መቀነስ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ማዕዘን መውጣት ያስፈልጋል።

ሁለቱ ግማሾች

የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ማለትም ከስፌሪካል ወደ ምሥራቅና ሰሜን የሚያወርደውን፣ እንዲህ ጻፍኩት፦

```python
import math

def to_enz(s, hz, v, st):
    hz, v = math.radians(hz), math.radians(v)
    d = s * math.sin(v)          # አግድም ርቀት
    return (st[0] + d * math.sin(hz),
            st[1] + d * math.cos(hz),
            st[2] + s * math.cos(v))
```

ይህ ትክክል ነው። አዚሙዙ ከሰሜን ስለሚነሣ ምሥራቁ ሳይን፣ ሰሜኑ ኮሳይን ይወስዳል፤ ይህም ከትምህርት ቤት ልማድ የተገለበጠ ነው። ቁም ማዕዘኑ ከዜኒዝ ስለሚነሣም አግድም ርቀቱ ሳይን፣ ከፍታው ኮሳይን ነው።

ሁለተኛውን ግማሽ ለመጻፍ ስቀመጥ ባልደረባዬ ለራሷ ማመሳከሪያ ያዘጋጀችውን የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፈትኩ። በእሷ ሠንጠረዥ አዚሙዙ የሚሰላው `=MOD(DEGREES(ATAN2(dN,dE)),360)` በሚል ቀመር ሲሆን፣ `dN` ከማዕከሉ ያለው የሰሜን ልዩነት፣ `dE` የምሥራቅ ልዩነት ነው። ቀመሩ ለዓመታት የሠራችበትና ልክ የሆነ ነው። እኔም ቅደም ተከተሉን ሳልነካ ወደ ፓይተን ገለበጥኩት፦

```python
def to_cyl(e, n, z, c):
    de, dn = e - c[0], n - c[1]
    az = math.degrees(math.atan2(dn, de)) % 360
    return math.hypot(de, dn), az, z
```

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ኤክሴል `ATAN2` ሲባል መጀመሪያ ኤክስን፣ ቀጥሎ ዋይን ይቀበላል። የፓይተን `math.atan2` ደግሞ መጀመሪያ ዋይን፣ ቀጥሎ ኤክስን ይቀበላል፤ ሲ፣ ጃቫ ስክሪፕትና ነምፓይም እንደ ፓይተን ናቸው። ባልደረባዬ ለኤክሴል ሰሜንን በኤክስ ቦታ በመስጠቷ ማዕዘኑ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይዞርላታል፤ አዚሙዝም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ያው አጻጻፍ በፓይተን ውስጥ ሲገባ ሰሜኑ ዋይ ይሆንና ማዕዘኑ ከምሥራቅ ተነሥቶ በሰዓት ዘንግ ተቃራኒ ይዞራል። ሁለቱም ፈንክሽኖች በየራሳቸው ሕግ ልክ ናቸው፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ የሚቀበሉበት ቅደም ተከተል መለያየቱ ግን ከማንም ዓይን የሚያመልጥ ነው። የእኔን ጥፋት ለማቅለል አይደለም፤ መመሪያውን ከፍቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

አንዱን ነጥብ ይዘን እንሂድ

በሪፖርቱ ላይ ከዲዛይኑ እጅግ የራቀው ነጥብ በመሣሪያው የተመዘገበው ዘንበል ያለ ርቀት 7.872 ሜትር፣ አግድም ማዕዘን 342.643 ዲግሪ፣ ቁም ማዕዘን 79.385 ዲግሪ ተብሎ ነበር። አግድም ርቀቱ 7.872 በ79.385 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ 7.737 ሜትር ይሆናል። ከመሣሪያው ወደ ምሥራቅ −2.308፣ ወደ ሰሜን 7.385 ሜትር ይወጣል፤ የምሥራቁ ቁጥር የመቀነስ ምልክት ይዞ መምጣቱ ነጥቡ ከመሣሪያው በስተምዕራብ መሆኑን ይነግረናል። ከፍታው 1.550 ላይ 1.450 ተደምሮ ልክ 3.000 ሜትር ነው።

የመሣሪያውን ቦታ ደምረን የማዕከሉን ስንቀንስ፣ ነጥቡ ከማዕከሉ ወደ ምሥራቅ −1.108፣ ወደ ሰሜን 7.885 ሜትር ላይ ይገኛል። የሁለቱ ካሬ ድምር ሥር 7.962 ይሆናል። ግድግዳው በዚህ ቦታ 38 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አብጧል ማለት ነው፤ ኮንክሪቱ ሲሞላ የውስጠኛው ፎርምወርክ ተገፍቶ ነበር።

አቅጣጫውስ? ትክክለኛው `atan2(-1.108, 7.885)` ሲሆን −8.0 ዲግሪ፣ ወደ አዎንታዊ ሲመለስ 352 ዲግሪ ይሰጣል፤ ከሰሜን ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ። የእኔ ፕሮግራም ግን ቦታ አቀያይሮ 98 ዲግሪ አወጣ። 90 ሲቀነስ 352፣ −262 ነው፤ 360 ሲደመርበት 98። ከላይ ትታወስ ያልኳት ዝምድና ይህች ናት። በአዚሙዝ ሲነበብ 98 ዲግሪ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ያለ ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል 106 ዲግሪ አለ፤ በ8 ሜትር ሬዲየስ በግድግዳው ላይ ሲለካ 14.8 ሜትር ይሆናል።

ሬዲየሱ ግን በሁለቱም መንገድ 7.962 ነው። የካሬ ድምር የትኛው ቁጥር ቀድሞ እንደመጣ ግድ የለውም። ከፍታውም አልተነካም። ስለዚህ 270ዎቹ ነጥቦች በሙሉ ትክክለኛ ሬዲየስና ትክክለኛ ከፍታ ይዘው ወጡ፤ አማካይ ሬዲየሱ፣ ትልቁና ትንሹ፣ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ የራቁት ነጥቦች ቁጥር፣ ሁሉም ልክ ነበር። ሪፖርቱን ያየ ሰው የሚመለከተው እነዚህን ቁጥሮች ስለሆነ ማንም ሊጠራጠር የሚችልበት ምክንያት አልነበረም።

ማጣሪያዎቹ ለምን አሳለፉት

ፕሮግራሙን ያለ ፍተሻ አላስረከብኩም። የመጀመሪያው ፍተሻ ሄዶ መመለስ ነበር፤ ምሥራቅና ሰሜንን ወደ ሬዲየስና ማዕዘን ቀይሬ፣ በሌላ ፈንክሽን መልሼ ወደ ምሥራቅና ሰሜን አወረድኩ፤ ቁጥሮቹም እስከ መጨረሻው አኃዝ ተገናኙ። ነገር ግን መመለሻውን ፈንክሽን የጻፍኩት ከ`to_cyl` ጋር እያስተያየሁ ስለነበር፣ ምሥራቁን በኮሳይን፣ ሰሜኑን በሳይን አድርጌዋለሁ። አንድ ስህተት ሲሄድ ያጠፋውን ሲመለስ ያቃናዋል። ሄዶ የመመለስ ፍተሻ ሁለቱ ፈንክሽኖች እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ ከዓለም ጋር መስማማታቸውን አያሳይም።

ሁለተኛው ፍተሻ ከሜዳው ጋር የተደረገ ነበር፤ ይህም የበለጠ አታላይ ሆነ። በታንኩ ግድግዳ ላይ መሰላል የሚታሰርበት ብረት ተቀብሯል፤ በፕላኑ ላይ አዚሙዙ 46 ዲግሪ ነው። ባልደረባዬ ብረቱንም ለክታው ስለነበር ፕሮግራሙ ምን እንደሚል አየን፤ 44 ዲግሪ አለ። ሁለት ዲግሪ በግድግዳው ላይ 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ብረቱ ሲቀበር በዓይን ግምት እንደተቀመጠ ስለምናውቅ ልዩነቱን በብረቱ አሳበብን።

90 ሲቀነስ 46፣ 44 ነው። ይህ ዓይነቱ መገልበጥ እንደ መስታወት የሚሠራ ነው፤ መስታወቱ የቆመው ከማዕከሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስደው መስመር ላይ ሲሆን፣ በ45 እና በ225 ዲግሪ ያሉ ነጥቦች ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም። ለማመሳከሪያ ልንመርጣቸው ከምንችላቸው 360 ዲግሪዎች መካከል ከከፉት አንዱን መርጠን ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ማጣሪያ የባልደረባዬ ኤክሴል መሆን ነበረበት። እሷ ግን ጥቂት ነጥቦችን ስታመሳክር ሬዲየሱን ብቻ አየች፤ የተጠየቅነው ክብነቱን ስለነበር አልፈርድባትም።

በቱምቢ የተገኘ ስህተት

ሪፖርቱ ሲደርስ በ98 ዲግሪ አካባቢ ያለው የምሥራቁ ግድግዳ በሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ቀይ ተቀባ። ሠራተኞቹ በባሕር ዛፍ እንጨት መወጣጫ ሠርተው መሮ ይዘው ሲወጡ፣ ፎርማኑ ከመፈልፈሉ በፊት በገዛ እጁ ማየት ፈለገ። ከግድግዳው አናት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት እንጨት አውጥቶ ቱምቢ አንጠለጠለና በገመዱና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በሜትር ለካ። ከላይም፣ በሦስት ሜትርም፣ ከታችም 10 ሳንቲ ሜትር ነበር።

ባልደረባዬን ጠራትና፣ «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ምንም አልሆነም፤ የምታስፈለፍሉኝ ደህናውን ነው» አላት።

«ጋሼ፣ መሣሪያው ሠላሳ ስምንት ሚሊ ነው የሚለው» አለችው።

«እንግዲያው መሣሪያሽ ሌላ ቦታ አይቶ ይሆናል።»

ቱምቢውን እያዛወረ ዙሪያውን ሄደ። በሰሜኑ በኩል ሲደርስ ክፍተቱ ከላይ 10 ሆኖ ሳለ በሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ጠበበ። ባልደረባዬ ስትደውልልኝ የነገረችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ እብጠቱ አለ፣ መጠኑም ፕሮግራሙ ያለው ነው፤ ቦታው ግን በሰሜን በኩል ነው። መጠኑ ልክ ሆኖ ቦታው ብቻ ከተሳሳተ የልኬት ወይም የርቀት ችግር አይደለም፤ የማዕዘን ልማድ ችግር ነው። ያንን እንደሰማሁ ወደ `atan2` ሄድኩ።

ማስተካከያው ሌላ ስህተት አወጣ

መስመሩን `math.atan2(de, dn)` ብዬ አስተካክዬ ፕሮግራሙን እንደገና ባስኬደው፣ ነጥቡ ትክክለኛ ቦታው ገባ፤ 352። ነገር ግን በሪፖርቱ ራስ ላይ ያለው «የእብጠቱ ማዕከል» የሚለው ቁጥር 280 ዲግሪ ሆኖ ወጣ። ምዕራብ! ምሥራቅ ያልነው ሰሜን ሆኖ ሳለ አሁን ደግሞ ምዕራብ ማለት ለፎርማኑ የሚነገር ነገር አይደለም። ለጥቂት ጊዜ ማስተካከያዬ ራሱ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ያበጡት አምስት ተከታታይ ነጥቦች አዚሙዛቸው ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋ 344፣ 348፣ 352፣ 356 እና 0 ነው። ፕሮግራሙ ማዕከሉን የሚያወጣው ደምሮ ለአምስት በማካፈል ነበር፤ 1400 ለአምስት፣ 280። ዜሮው እንደ 360 ቢቆጠር ድምሩ 1760፣ አማካዩ 352 ይሆን ነበር። በአሮጌው የተገለበጠ ስሌት እነዚሁ ነጥቦች 106፣ 102፣ 98፣ 94 እና 90 ስለነበሩ ከዜሮው ድንበር ርቀው አማካያቸው ያለ ችግር 98 ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ስህተት ሁለተኛውን ሸፍኖት ኖሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወስደው መፍትሔ ማዕዘኑን ከ0–360 ይልቅ ከ−180 እስከ 180 ባለው ክልል ማስቀመጥ ነው። አምስቱ ነጥቦች −16፣ −12፣ −8፣ −4 እና 0 ይሆኑና አማካያቸው −8 ይወጣል፤ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድንበሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ ማዛወር ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ታንክ እብጠቱ በደቡብ ቢሆን ያው ስህተት ይመለሳል። የክልሉ ምርጫ ለማሳየት እንጂ ለማስላት መሆን የለበትም። አማካይ ሲፈለግ ማዕዘኖቹን ሳይሆን አቅጣጫዎቹን መደመር ይገባል፦

```python
def wrap360(a):
    a = a % 360.0
    return 0.0 if a == 360.0 else a

def mean_az(azs):
    e = sum(math.sin(math.radians(a)) for a in azs)
    n = sum(math.cos(math.radians(a)) for a in azs)
    return wrap360(math.degrees(math.atan2(e, n)))
```

ይህ ለአምስቱ ነጥቦች 352 ይሰጣል። ገደብ አለው፤ ነጥቦቹ ዙሪያውን እኩል ከተበተኑ ሁለቱም ድምሮች ወደ ዜሮ ይጠጋሉና የሚወጣው ማዕዘን ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ድምሮቹ በጣም ትንሽ ሲሆኑ ማዕዘን ከመመለስ ይልቅ «የለም» ማለት ይሻላል።

`wrap360` ውስጥ ያለችው ሁለተኛ መስመር ትርፍ ለምትመስለው አንባቢ አንድ ቃል ልጨምር። በፓይተን `-1e-17 % 360.0` የሚመልሰው ከ360 ያነሰ ቁጥር ሳይሆን ራሱን 360.0 ነው፤ በጣም ትንሽ አሉታዊ ቁጥር ላይ 360 ሲደመር ትንሿ ቁጥር በማጠጋጋት ትጠፋለች። ልክ በሰሜን ላይ የሚውል ነጥብ አንዳንዴ 0፣ አንዳንዴ 360 እየሆነ ሠንጠረዡን በሁለት ይከፍላል። በሲ በ`fmod`፣ በጃቫ ስክሪፕት ደግሞ በ`%` የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ሌላ ነው፤ ቀሪው የተካፋዩን ምልክት ስለሚይዝ −8 ሲሰጠው −8 ሆኖ ይመለሳል፤ 360 ራሱ መደመር አለበት።

ስለ ቁም ማዕዘኑ

በዚሁ አጋጣሚ ቀሪውን ማዕዘንም ፈተሽኩ። እዚህ ያለው ዋናው አደጋ ዜኒዙን ከአግድም ከሚነሣው የከፍታ ማዕዘን ጋር ማምታታት ነው፤ ለምሳሌ የማትላብ `cart2sph` የሚመልሰው ከአግድሙ የሚነሣውን ነው። የእኛ 79.385 ዲግሪ እንደ ከፍታ ማዕዘን ቢወሰድ አግድም ርቀቱ 1.450 ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ ከመሣሪያው በላይ 7.737 ሜትር ይሆናል፤ የ4.5 ሜትር ግድግዳ ላይ የ9 ሜትር ከፍታ ያለው ነጥብ ማንም ሳይፈልገው ይታያል። እንዲህ ያለው ስህተት ራሱን ያጋልጣል። ከአግድሙ ስህተት የሚለየውም ይኸው ነው፤ የሚያሳስተው ቁም ማዕዘኑ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሳይንና ኮሳይን እዚያ ይቀራረባሉና።

ያልጠበቅሁት ነገር ያገኘሁት መሣሪያው በሁለተኛው ፊቱ በተለካባቸው ነጥቦች ላይ ነው። ባልደረባዬ ለማረጋገጫ አንዳንድ ነጥቦችን መሣሪያውን ገልብጣ ደግማ ለክታለች። ያኔ ያው ነጥብ አግድሙ 162.643፣ ቁሙ 280.615 ሆኖ ይመዘገባል። ቁም ማዕዘኑ ከ180 በላይ መሆኑ ያስደነግጣል፤ የስፌሪካል ኮኦርዲኔት ትርጉም ከ0 እስከ 180 ብቻ ይላልና። ሆኖም `to_enz` ምንም ሳይነካ ትክክለኛውን ውጤት ሰጠ። የ280.615 ሳይን አሉታዊ ነው፤ አግድሙ ደግሞ በ180 ዲግሪ ስለዞረ ሳይኑም ኮሳይኑም ምልክታቸውን ቀይረዋል፤ ሁለቱ መገልበጦች ተጣፍተው ነጥቡ እዚያው ይውላል። ከማዕዘኖቹ አንዱን ብቻ «ለማስተካከል» ብሎ ቁሙን ከ360 ቀንሶ 79.385 ያደረገ፣ አግድሙን ግን እንዳለ የተወ ሰው፣ ነጥቡን በመሣሪያው በኩል አሻግሮ ወደ ደቡብ ግድግዳ አቅጣጫ ይወስደዋል። ክልል ሲጠበብ ሁለቱ ማዕዘኖች አብረው መለወጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ሁለቱም እንዳሉ ይተዉ።

አሁን ያለው ፍተሻ

ሄዶ የመመለሱን ፍተሻ አላጠፋሁትም፤ ብቻውን ግን አልተውኩትም። ውጤታቸው በእጅ የታወቀ ነጥቦች ገብተዋል፦ ሰሜን 0፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270፤ በዚህም ላይ ምሥራቅ −1፣ ሰሜን 3 የሆነ ነጥብ፣ መልሱ 341.565 መሆን ያለበት። የመጨረሻው ነጥብ የተመረጠው ከዘንጎቹም ከ45 ዲግሪ መስመርም ርቆ፣ አንዱ ምልክቱ አሉታዊ ስለሆነ ነው፤ ማቀያየርም፣ ምልክት መገልበጥም፣ የሰዓት ዘንግ አዟዟር መለወጥም በእሱ ላይ ይታያል። ባዶው `az` የሚለው ስምም `az_cw_from_n_deg` በሚል ረጅም ስም ተተክቷል። ያምራል አልልም፤ ግን ስሙን ያየ ሰው መነሻውን፣ አዟዟሩንና አሃዱን ሳይጠይቅ ያውቃል።

በሜዳ በኩል ባልደረባዬ ከዚያ ወዲህ ለማመሳከሪያ የምትወስዳቸው ነጥቦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሰሜን አካባቢ፣ ሌላው በምሥራቅ አካባቢ። ለታንኩ የቀረበው ሁለተኛ ሪፖርት 352 ዲግሪ አለ፤ ፎርማኑ ቱምቢውን ሰቅሎ አረጋገጠና በሰሜኑ በኩል ያለው እብጠት ተፈልፍሎ ተለሰነ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የተቀባው ቀይ ግን የተፋቀው ታንኩ ውኃ ከመግባቱ በፊት በታጠበ ጊዜ ነው።